የማዞሪያው ቁጥርና እውነተኛው ኦም፦ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ የእጅ ቴስተርን ስለመፈተሽ የተደረገ ዳሰሳ

ጎንደር ከተማ ውስጥ የውኃ ፓምፕ የሚጠግነው፣ የሆስፒታል መሣሪያ የሚከታተለው፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚፈታው፣ ደባርቅ ወጥቶ የወፍጮ ሞተር የሚያስነሳው ባለሙያ ሁሉ ከእጁ የማይለየው ዕቃ ቢኖር ቴስተር ነው። ቮልቱ መበላሸቱን ማወቅ ብዙ አያስቸግርም። ሶኬት 220 አካባቢ፣ የመኪና ባትሪ 12 ከምናምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ ቴስተሩ 180 ወይም 9 ካለ ሰው ይጠራጠራል። ኦሙ ግን እንዲህ ያለ ምስክር የለውም። አንድ የሞተር ጥቅል 3.4 ኦም ነው ሲባል፣ አይደለም 3.0 ነው ብሎ የሚከራከር ነገር ዎርክሾፑ ውስጥ የለም። ስለዚህ የኦም ስህተት ለዓመታት ሳይታወቅ ይኖራል።

ይህን ስህተት ለማግኘት የሚታወቁት መንገዶች ጥቂት ናቸው። ርካሹ፣ ስህተታቸው ከ0.1 በመቶ የማይበልጥ ሬዚስተሮችን ለእያንዳንዱ ሬንጅ አንዳንድ ገዝቶ ቦርድ ላይ በይዶ ማስቀመጥ ነው። ይህን መንገድ መናቅ አይገባም፤ አንድ ጥሩ ሬዚስተር በየሬንጁ መኖሩ ከምንም እጅግ ይሻላል። ውዱ ደግሞ ቮልትም አምፔርም ኦምም የሚያወጣ የካሊብሬሽን መሣሪያ ሲሆን፣ እሱ ከአንድ ጥገና ቤት አቅም በላይ ነው። በመካከል ያለው የዚህ ዳሰሳ ጉዳይ ነው፦ ባለ ብዙ ማዞሪያ የሬዚስታንስ ሳጥን፣ ማለትም ዲኬድ ቦክስ፣ ከአንድ ጥሩ የጠረጴዛ መልቲሜትር ጋር።

ሳጥኑ የሚሠራው በቀላል ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ማዞሪያ ከ0 እስከ 9 ወይም እስከ 10 ይሄዳል፤ አንዱ የኦም አሥረኛዎችን፣ ሌላው አንዶችን፣ ሌላው አሥሮችን እያለ እስከ መቶ ሺዎች ወይም ሚሊዮኖች ይደርሳል። ሁሉም በተከታታይ ስለተያያዙ በማዞሪያዎቹ ላይ የተነበበው ቁጥር በሁለቱ ተርሚናሎች መካከል ያለው ሬዚስታንስ ነው ይባላል። “ይባላል” ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሁሉንም ማዞሪያ ዜሮ ላይ ብታደርጉት እንኳ በመካከል የሚቀሩት የማዞሪያ ንክኪዎችና የውስጥ ሽቦዎች ጥቂት መቶኛ ኦም ይተዋሉ፤ 0.03 ኦም የተለመደ ነው። በብዙ ሳጥኖች ላይ ትልልቆቹ ማዞሪያዎች በ0.1 በመቶ ሲታመኑ፣ የኦም አሥረኛዎቹና አንዶቹ ግን 1 ወይም 2 በመቶ ሊስቱ ይችላሉ። ከዚያ ደግሞ ዕድሜ አለ። ከመደርደሪያ ላይ ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ሳጥን ንክኪዎቹ ይዝጋሉ፤ አቧራ ይገባባቸዋል።

ማመሳከሪያው መልቲሜትር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የዚህ ዘዴ ዋና ነገር ሳጥኑ እውነተኛ መሆን ሳያስፈልገው ጸንቶ መቆም ብቻ የሚጠበቅበት መሆኑ ነው። እውነቱን የሚናገረው ማመሳከሪያው ነው፤ ሳጥኑ ያንን እውነት ለጥቂት ደቂቃዎች አደራ ይዞ ለቴስተሩ ያስረክባል። ማዞሪያው 102 ይበል እንጂ ማመሳከሪያው 101.98 ካለ፣ ለእኛ ቁጥሩ 101.98 ነው። የሚያሳስበን ሳጥኑ በዚያች ደቂቃ ወደ 102.05 እንዳይንሸራተት ብቻ ነው።

በእርግጥ አዲስና የምስክር ወረቀት ያለው ሳጥን እጃችሁ ላይ ካለ፣ በኪሎ ኦምና በመቶ ኪሎ ኦም ሬንጆች ላይ ማመሳከሪያው ብዙ አይጨምርም። የእጅ ቴስተሩ 0.5 በመቶ እንዲስት ተፈቅዶለት ሳጥኑ 0.1 በመቶ ከሆነ፣ ሳጥኑ ከተፈታኙ አምስት እጥፍ ይሻላል፤ በዘርፉ የተለመደው ልማድ ቢያንስ አራት እጥፍ ነው። ማመሳከሪያው የግድ የሚሆነው በትንንሾቹ ኦሞች ላይና ሳጥኑ አሮጌ ሲሆን ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን በአገራችን ቤተ ሙከራዎች ውስጥ አዲስ ሳጥን ማግኘት የዘወትር ዕድል አይደለም።

ማመሳከሪያውስ ማን መሰከረለት? በኢትዮጵያ የዚህ ሰንሰለት ጫፍ አዲስ አበባ ነው። በ2003 ዓ.ም. የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ለአራት ተቋማት ሲከፈል፣ የልኬት ሥራው ለብሔራዊ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ተሰጠ። ጎንደር ከዚያ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እያንዳንዱን የእጅ ቴስተር አስጭኖ መላክ የማይታሰብ ነው፤ የአንዳንዱ ቴስተር ዋጋ ለመላኪያውም አይበቃም። አንድ ማመሳከሪያ መልቲሜትር ግን በዓመት አንድ ጊዜ ሄዶ ቢመለስ፣ አንድ ኮሌጅ ወይም የሆስፒታል ጥገና ክፍል የዙሪያውን ቴስተሮች ሁሉ በእሱ ሊፈትሽ ይችላል። ስለዚህ በጎንደር ላይ ለዚህ ሥራ የሚገባው ክርክር ስንት መሣሪያ እንግዛ የሚል ሳይሆን የትኛዋን አንዲት መሣሪያ እናስመስክር የሚል ይመስለኛል።

ማመሳከሪያ ስንል ምን ዓይነት ነው? ለምሳሌ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኤችፒ ስም የወጣው፣ በኋላም በኤጂለንት ስም የቀጠለው 34401ኤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጠረጴዛ ላይ የሚታይ ዓይነት ነው። በ100 ኦም ሬንጁ የአንድ ዓመት ስህተቱ ከንባቡ 0.010 በመቶ እና ከሬንጁ 0.004 በመቶ ነው። ይህም 102 ኦም ሲለካ ከ0.015 ኦም ያልበለጠ ጥርጣሬ ማለት ነው። ከእጅ ቴስተር ጋር ሲነጻጸር ይህ እንደ እውነት ቢወሰድ ምንም ጉዳት የለውም። ሁለት ነገሮች ግን መሟላት አለባቸው። መጀመሪያ፣ መሣሪያው ይህን የሚያቀርበው ለአንድ ሰዓት በርቶ ከሞቀ በኋላ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መብራቱ ለአምስት ደቂቃ ጠፍቶ ቢመለስ ንባቡ ስክሪኑ ላይ ጥሩ መስሎ ይታያል፤ መሣሪያው ግን ገና እየሞቀ ነው። ዩፒኤስ ከሌለ የጠፋበትን ሰዓት መመዝገብና እንደገና መጠበቅ ነው። ሁለተኛ፣ በአራት ሽቦ መለካት አለበት። ሁለቱ ሽቦዎች ከረንት ይልካሉ፤ ሌሎቹ ሁለት ደግሞ በሳጥኑ ተርሚናል ላይ ቮልቱን ብቻ ያነባሉ፤ በዚህም የሽቦዎቹ የራሳቸው ሬዚስታንስ ከሒሳቡ ይወጣል። በሁለት ሽቦ ቢለካ ግን ጥቂት አሥረኛ ኦም በላዩ ይጨመራል፤ ያን ጊዜ ማመሳከሪያው ከተፈታኙ ብዙም አይሻልም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት የቴስተሩ ባትሪ ይቀየራል። ባትሪው የደከመ ቴስተር ንባቡ ይዋዥቃል፤ እሱን ፈትሾ መጣል ጊዜ ማባከን ነው። ቀጥሎ የሳጥኑ ማዞሪያዎች እያንዳንዳቸው ከዳር እስከ ዳር ደጋግመው ይዞራሉ፤ ይህ ዝገቱን ከንክኪው ላይ ይጠርጋል። ሳጥኑ መዳኑን ለማወቅ ማመሳከሪያው ተያይዞ እያለ አንዱን ማዞሪያ ከቦታው አንስቶ መመለስ ይበቃል። ንባቡ ወደነበረበት ከተመለሰ መልካም ነው። በየጊዜው የተለየ ቁጥር ከሰጠ፣ ወይም ማዞሪያውን በጣት ሲነኩት ቁጥሩ ከዘለለ፣ ያ ሳጥን ከመፍታትና ንክኪውን በንክኪ ማጽጃ ከማጠብ በፊት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከዚያ የልኬቱ ቅደም ተከተል ይመጣል፤ አስተውሎ መሠራት ያለበትም ይኸኛው ነው። ማመሳከሪያው ያነባል፤ ሽቦዎቹ ይነቀላሉ። ቴስተሩ ያነባል፤ ይነቀላል። ማመሳከሪያው እንደገና ያነባል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ንባብ ካልተስማሙ በመካከል ሳጥኑ ተንቀሳቅሷል ማለት ነውና የቴስተሩ ንባብ ይሰረዛል። ሁለቱን መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ሳጥኑ ላይ ሰክቶ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማስተያየት ፈጣን መስሎ ይታያል። ግን ሁለቱም በኦም ላይ ሆነው የየራሳቸውን ከረንት ወደ ሳጥኑ ይልካሉ፤ አንዱ የሌላውን ከረንት የራሱ እያስመሰለ ያነባል። እንዲህ ሲደረግ ሁለቱም የማይረባ ቁጥር ይሰጣሉ፤ አንዳንዴ ቁጥሩ እውነት የሚመስል መሆኑ ነው አደጋው።

የቴስተሩን የራሱን ሽቦ ሬዚስታንስ መቀነስም ብዙ ሰው የሚስትበት ቦታ ነው። ሁለቱን የቴስተር ጫፎች አጋጥሞ የሚነበበው 0.2 ወይም 0.3 ኦም የሽቦዎቹ ነው፤ “ሬል” የሚል አዝራር ያለው ቴስተር በእሱ ይቀንሰዋል፤ የሌለው በወረቀት ይቀነስለታል። ዜሮው የሚወሰደው ግን ጫፎቹን እርስ በርስ አጋጥሞ ወይም ሁለቱንም በአንዱ ተርሚናል ላይ አድርጎ እንጂ ሳጥኑን ዜሮ ላይ አዙሮ አይደለም። ሳጥኑ ዜሮ ላይ ሆኖ ዜሮ ከተወሰደ የሳጥኑ 0.03 ኦምም አብሮ ይቀነሳል፤ ማመሳከሪያው ግን እሱን ጨምሮ ነው የለካው። በ360 ኦም ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ ለወትሮው የእጅ ቴስተርም አንድ አሃዝ አይሞላም። መቶኛ ኦም የሚያሳይ ቴስተር በ1 ኦም ላይ ሲፈተሽ ግን 3 በመቶ ያህል ነው።

ስንት ቦታ ላይ ይለካ? የእጅ ቴስተር በየሬንጁ የማይታወቀውን ሬዚስተር ከአንድ የውስጥ ሬዚስተር ጋር ያነጻጽራል። ስለዚህ ያ የውስጥ ሬዚስተር መሳቱን ለማወቅ በየሬንጁ ከጫፉ አጠገብ አንድ ነጥብ፣ ለምሳሌ በ400 ኦም ሬንጅ 360 ላይ፣ ይበቃል። ዜሮውና መካከለኛው አንድ ነጥብ ለማረጋገጫ ይጨመራሉ። ከዚህ በላይ መደርደር፣ እንደ እኔ፣ ወረቀት ከመሙላት አያልፍም። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ቴስተሩ በዕለት ሥራው የሚነካውን ኦም መርጦ እዚያው ላይ መፈተሽ ነው። ይህን በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይቀመጣል። የማቀዝቀዣው ሙቀት መለኪያ ፒቲ100 ከሆነ፣ በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ5 ዲግሪ 101.95 ኦም ይሆናል፤ በዚህ አካባቢ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.39 ኦም ገደማ ይጨምራል። ባለሙያው መለኪያውን ነቅሎ ኦሙን በእጅ ቴስተር ያነባል፤ ከዚያ ወደ ዲግሪ ይቀይረዋል። ቴስተሩ እንበል በ400 ኦም ሬንጅ ላይ ስህተቱ ከንባቡ 0.5 በመቶ እና 3 የመጨረሻ አሃዝ ነው፤ አንዱ አሃዝ 0.1 ኦም ነው። በ102 ኦም ላይ የተፈቀደው ስህተት 0.51 ሲደመር 0.3፣ ማለትም 0.81 ኦም ነው። ወደ ዲግሪ ሲቀየር 2.1 ዲግሪ ይሆናል። እንግዲህ ጤነኛ የተባለ ቴስተር፣ ምንም ሳይበላሽ፣ በስድስት ዲግሪ ስፋት ባለው የክትባት መስኮት ላይ ከሁለት ዲግሪ በላይ ሊያሳስት ይችላል።

ሳጥኑን 102 ላይ እናዙረው። ማመሳከሪያው 101.98 አነበበ። ቴስተሩ 102.6 አነበበ፤ የሽቦዎቹ 0.2 ሲቀነስ 102.4። ማመሳከሪያው ተመልሶ 101.98 አለ፤ ሳጥኑ ጸንቷል። ስህተቱ 0.4 ኦም ወደ ላይ ነው፤ ከተፈቀደው 0.81 በታች ስለሆነ ቴስተሩ አልፏል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፈርሞ ይሄዳል። ነገር ግን 0.4 ኦም ከ1 ዲግሪ በላይ ነው። ማቀዝቀዣው በእውነት 1.2 ዲግሪ ላይ ወርዶ ሳለ ይህ ቴስተር 2.3 ያሳያል፤ ወደ በረዶነት እየተጠጋ ያለውን ክትባት በደህናው መስኮት ውስጥ ያለ ያስመስለዋል። የሽቦውን 0.2 ያልቀነሰ ሰው ደግሞ 2.8 ያነብባል።

መፍትሔው ሌላ ቴስተር መግዛት ላይሆን ይችላል። የፍተሻው ወረቀት ላይ “አልፏል” ከሚለው ጎን “በ102 ኦም አካባቢ 0.4 ቀንስ” ተብሎ ቢጻፍ፣ ያው ቴስተር ከግማሽ ዲግሪ ባልራቀ ስህተት ሙቀቱን ይናገራል። የቀረው ጥርጣሬ በዋነኛነት የመጨረሻው አሃዝና የጫፎቹ ንክኪ ነው። ማለፍና መውደቅ አምራቹ ቃሉን መጠበቁን ብቻ ይነግሩናል። ባለሙያውን የሚያገለግለው የስህተቱ መጠንና አቅጣጫው ነው፤ ሳጥንና ማመሳከሪያ አንድ ላይ መኖራቸው የሚክሰውም ያኔ ነው።

ተመሳሳዩ ሒሳብ በትንሹ ኦም ላይ ሲሠራ ደግሞ ቴስተሩን ከአንዳንድ ሥራ ጨርሶ ያግደዋል። የሕክምና መሣሪያ የብረት አካሉ ከኧርዝ ጋር ያለው ሬዚስታንስ ከመብራት ገመዱ ጋር 0.2 ኦም ገደማ እንዳይበልጥ ይፈለጋል። የዚያው ቴስተር የሦስት አሃዝ ስህተት ብቻውን 0.3 ኦም ነው። ስለዚህ በሳጥን ተፈትሾ ያለፈ ቴስተርም ቢሆን ለዚህ ልኬት ምስክር አይሆንም፤ ለእሱ ከፍ ያለ ከረንት የሚልክ ልዩ መሣሪያ አለው። የሦስት ፌዝ የወፍጮ ሞተር ጥቅሎችን ማነጻጸር ግን ሌላ ነው። ሦስቱ 1.2፣ 1.2 እና 1.6 ከተነበቡ፣ ቋሚው ስህተት ሦስቱንም እኩል ስለሚነካ ልዩነቱ እውነት ነው። እዚያ ላይ ቴስተሩ ቢስትም ፍርዱ አይስትም።

በሜጋ ኦም በኩል ጠላቱ ሌላ ነው። ከረንቱ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በጎን የሚያልፍ ማንኛውም መንገድ ይሰርቀዋል። ጫፎቹን በሁለት እጅ ይዞ 1 ሜጋ ኦም የሚለካ ሰው የገዛ አካሉን ጨምሮ ይለካል። የሰውየው አካል 2 ሜጋ ኦም ቢሆን ቴስተሩ 667 ኪሎ ኦም ያሳያል። በሳጥኑ ላይ ያለ ቆሻሻም እንዲሁ ያደርጋል። በተርሚናሎቹ መካከል እርጥበት የያዘ አቧራ 1,000 ሜጋ ኦም መንገድ ቢፈጥር፣ 10 ሜጋ ኦም ላይ ንባቡን 1 በመቶ ያወርደዋል። በጎንደር በበጋ የሚከማቸው አቧራ ደረቅ ሳለ ብዙ አይጎዳም፤ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ ያው አቧራ ውኃ ይመጥጣል። ስለዚህ የሜጋ ኦም ፍተሻ በክረምት ከሆነ ተርሚናሎቹን በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ፣ ሽቦዎቹን ሰክቶ እጅን ማንሳትና ቁጥሩ እስኪረጋ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሳጥኑ የብረት ቆርቆሮው የሚታሰርበት ተርሚናል ካለው ከቴስተሩ ጥቁር ሽቦ ጋር ማያያዝ የመብራት መስመሩን ሁካታ ይቀንሰዋል። እግረ መንገዴን፦ የሜጋ ኦም ሬንጁ ያለፈ ቴስተር የሽቦ ሽፋን መፈተሻ መሣሪያን አይተካም፤ እሱ የሚለካው በመቶዎች ቮልት ነው፤ ቴስተሩ በጥቂት ቮልት።

ቴስተሩ ከወደቀ የስህተቱ መልክ ራሱ ምክንያቱን ይጠቁማል። በሁሉም ትንንሽ ኦሞች ላይ አንድ ዓይነት መጠን፣ እንበል 0.8 ኦም፣ ከጨመረ፣ በሽታው ከሽቦዎቹ ወይም ከቴስተሩ ማዞሪያ ንክኪ ነው፤ ሽቦ ቀይሮ መሞከር ይቀድማል። በአንድ ሬንጅ ላይ ብቻ በመቶኛ ከሳተ የዚያ ሬንጅ የውስጥ ሬዚስተር ተጎድቷል። የዚህ የተለመደው ታሪክ ማዞሪያው ኦም ላይ ሳለ ጫፎቹ 220 ቮልት መንካታቸው ነው፤ መከላከያው ቴስተሩን ያድነዋል፤ አንዱ ሬዚስተር ግን ትንሽ ተለውጦ ይቀራል። ባለቤቱም ከዚያ በኋላ ቴስተሩ ስለሚበራ ደህና ነው ብሎ ያስባል። በትልልቆቹ ኦሞች ላይ ብቻ ዝቅ አድርጎ የሚያነብ ከሆነ፣ በቦርዱ ላይ እርጥበት ወይም የፈሰሰ ባትሪ አለ። ምንም ሳይነካ ስክሪኑ OL ማለት ሲገባው የሆነ ሜጋ ኦም የሚያሳይ ቴስተርም ከዚህ ወገን ነው።

ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ ስንወጣ በተደጋጋሚ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ከፍታው ኦሙን ይለውጣል ወይ? አይለውጥም። የኦም ልኬት በጥቂት ቮልት የሚሠራ ስለሆነ አየሩ መሳሳቱ አይነካውም። የሚነካው ደኅንነቱን ነው። ብዙ የእጅ ቴስተሮች ላይ የተጻፈው የቮልት ደረጃ እስከ 2,000 ሜትር የሚሠራ ነው፤ ጎንደር ራሷ ከዚያ በላይ ናት፤ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ትደርሳለች፤ በሰሜን ተራሮች ያለው የጨነቅ ካምፕ ከ3,600 ሜትር አያንስም። ሳሳ ባለ አየር ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። በአይኢሲ 61010 ደረጃ መሠረት ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር የአየር ክፍተቱ በ1.14፣ ከ3,000 እስከ 4,000 ደግሞ በ1.29 መባዛት አለበት። እንግዲህ 600 ቮልት የሚል ቴስተር ይዞ ደጋ ላይ በትልቅ መስመር ላይ መሥራት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህ ግን ከሳጥኑ ፍተሻ ውጭ ነው።

ደጋው ኦሙን የሚለውጠው በብርዱ ነው። የቴስተሩ ስህተት የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ባለ ክፍል ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ቀን ላይ ይህን ማግኘት አይቸግርም። ደባርቅ ላይ ጠዋት ክፍሉ 8 ዲግሪ ቢሆን ግን ከታችኛው ጠርዝ 10 ዲግሪ ወርዷል። ብዙ አምራቾች ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከተጻፈው ስህተት አንድ አሥረኛ እንዲጨመር ያዛሉ፤ ያኔ 0.5 በመቶው 1 በመቶ፣ 3 አሃዙም 6 ይሆናል። በክትባቱ ምሳሌ ብናሰላው የተፈቀደው ስህተት ከ0.81 ወደ 1.62 ኦም፣ ማለትም ከ4 ዲግሪ በላይ ይሰፋል። ጎንደር ላይ የተገኘው “0.4 ቀንስ” የሚለው ማረሚያም እዚያ ላይ እንዳለ ሊሠራ አይችልም። ሌላም አለ፦ የሚለካው መዳብ ራሱ ይለወጣል። የሞተር ጥቅል ከ20 ዲግሪ ወደ 8 ሲወርድ ሬዚስታንሱ 4.7 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ይህን የቴስተር ስህተት አድርጎ የሚያየው ሰው ጤነኛ መሣሪያ ይከስሳል።

ታዲያ ደባርቅና ዳባት ላይ ለሚሠራ ባለሙያ ምን ይሻላል? የጠረጴዛውን ማመሳከሪያ ወደዚያ መውሰድ ይቻላል፤ ግን መብራት ይፈልጋል፣ አንድ ሰዓት ሙቀት ይፈልጋል፣ መንገዱም ይንጠዋል። እኔ የማዳላው ማመሳከሪያው ጎንደር ተቀምጦ ሳጥኑ እንዲጓዝ ነው። ሳጥኑ መብራት አይፈልግም። ከመነሳት በፊት በተመረጡት ነጥቦች ላይ፣ እንበል በ5፣ በ102፣ በ360 ኦምና በየሬንጁ አንድ ነጥብ ላይ፣ ማመሳከሪያው ያነበበው እውነተኛ ዋጋ ከማዞሪያው አቀማመጥ ጋር ይጻፋል። ወረቀቱ ከሳጥኑ ጋር ይሄዳል። ደባርቅ ላይ ማዞሪያዎቹ በዚያው አቀማመጥ ይዞራሉ፤ ቴስተሩ የሚነጻጸረው ከወረቀቱ ዋጋ ጋር ነው። ሳጥኑም ቢሆን በብርድ ይለወጣል፤ ግን ደህና ሬዚስተር ያለው ሳጥን በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 50 እጅ ያህል ቢለወጥ፣ በ12 ዲግሪ ልዩነት 0.06 በመቶ ነው። በ102 ኦም ላይ 0.06 ኦም፣ ከሁለት አሥረኛ ዲግሪ ያነሰ ነው። ለእጅ ቴስተር ይህ አያሳስብም።

እዚያ ሲደርሱ ሳጥኑና ቴስተሩ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዙ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀመጣሉ። በተለይ ሌሊቱን መኪና ውስጥ ያደረ መሣሪያ ሞቅ ወዳለ ክፍል ሲገባ ላብ ያወጣል፤ ያ ላብ በሜጋ ኦም በኩል ንባቡን ይጎትተዋል። ቀጥሎ ማዞሪያዎቹ እንደገና ደጋግመው ይዞራሉ፤ በመንገድ የተናጠ ንክኪ ያለዚህ አይታመንም። የተገኘው ስህተት ከክፍሉ ሙቀት ጋር አብሮ ይመዘገባል፤ በ8 ዲግሪ የተገኘ ማረሚያ ለ8 ዲግሪ እንጂ ለቀትር አይደለም።

ሳጥኑ ጎንደር ሲመለስ እነዚያው ነጥቦች በማመሳከሪያው እንደገና ይለካሉ። በ102 ላይ ሲሄድ 101.98 የነበረው ሲመለስ 101.97 ወይም 101.99 ከሆነ ጉዞው ሰምሯል። 102.3 ካለ ግን ደባርቅ ላይ የትኛው ቀን፣ የትኛው ቴስተር ላይ ሳጥኑ እንደተዛባ የሚለይበት መንገድ የለም፤ የዚያ ጉዞ የ102 ኦም ንባቦች በሙሉ ይሰረዛሉ፤ በሌሎቹ ማዞሪያዎች ላይ ብቻ ያረፉት፣ ሲሄዱና ሲመለሱ የተስማሙት ነጥቦች ይቆያሉ።